በ12ኛው ቤት የተቀመጠች ፕላኔት እንዴት ትነበባለች? ባለቤቱ የማያየውን የመፈለጊያ መመሪያ

በኮከብ ቆጠራ የልደት ሰንጠረዥ ሰማዩን ቤት በሚባሉ ዐሥራ ሁለት ክፍሎች ይከፍላል፤ 12ኛው ቤት የሚገኘው ከአሴንዳንት በላይ ነው። አሴንዳንት የሚባለው ሰው በተወለደበት ቅጽበት በምሥራቅ አድማስ ላይ ይወጣ የነበረው የዞዲያክ ነጥብ ነው። ስለዚህ በ12ኛው ቤት ያለች ፕላኔት ከአድማስ በታች የተሰወረች አይደለችም፤ ልደቱ ከመድረሱ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለፉት ሁለት ሰዓታት ገደማ ውስጥ፣ ወጥታ ሰማይ ላይ የቆመች ናት። ፀሐይ በ12ኛው ቤት የሆነችለት ሰው የተወለደው ጎሕ ሳይቀድ ሳይሆን ፀሐይ ከወጣች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። «የድብቅ ነገር ቤት» የሚለውን ስም ሰምቶ ሰንጠረዡን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመለከት ሰው በዚህ ግራ ይጋባል፤ ግራ መጋባቱም ተገቢ ነው።

ታዲያ ድብቅ ያሰኘው ምንድን ነው? የጥንቱ የግሪክ ኮከብ ቆጠራ የዞዲያክ ምልክቶች እርስ በርስ «ይተያያሉ» የሚለው የ60፣ የ90፣ የ120 እና የ180 ዲግሪ ርቀት ሲኖራቸው ነው። 12ኛው ምልክት ለአሴንዳንት ጎረቤቱ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 30 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ዕይታ የላቸውም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፕቶሌሚ ደግሞ ሌላ ምክንያት አክሎበታል፤ ከምድር እርጥበት የሚነሣው ጭጋግ በዚያ አካባቢ ያሉትን ከዋክብት ብርሃን ያደበዝዛል ብሏል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ምክንያት እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ለንባቡ ሥራ መንገድ የሚያሳየው እርሱ ነው። አሴንዳንት የሰውዬው «እኔ» ከሆነ፣ በ12ኛው ቤት ያለችው ፕላኔት ከትከሻው ጀርባ እንደቆመ ሰው ናት። ፊት ለፊቱ የቆሙት ሁሉ ያዩዋታል፤ እርሱ ብቻ አያያትም።

የ20ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ልቦና ኮከብ ቆጠራ ይህን ከካርል ዩንግ አሳብ ጋር አገናኘው። ዩንግ «ጥላ» ያለው ሰው የራሱ አድርጎ ሊቀበለው ያልቻለውን የባሕርዩን ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ላይ ያለ መስሎ ይታያል። ከዚህ በታች የማቀርበው አካሄድ በእነዚህ ሁለት አሳቦች ላይ የቆመ ነው። በ12ኛው ቤት ሊገኙ የሚችሉትን ዐሥር የሰማይ አካላት ሁሉ ከመዘርዘር ይልቅ ማርስን ብቻ ይዤ በአንድ ምሳሌ ላይ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ። ምሳሌው ለማስተማሪያ የተዘጋጀ እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም።

አንደኛ እርምጃ፦ የልደት ሰዓቱ ምን ያህል ስሕተት ይሸከማል?

አሴንዳንት በአማካይ በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ይጓዛል። ይህ አማካይ ነው፤ እንደ ምልክቱና እንደ ትውልድ ቦታው ኬክሮስ አንዳንዱ ምልክት ፈጥኖ፣ አንዳንዱም ዘግይቶ ይወጣል። ቢሆንም ለመጀመሪያ ግምት ይበቃል። ንባብ ከመጀመራችሁ በፊት ሰዓቱ ስንት ደቂቃ ቢሳሳት ፕላኔቷ ከ12ኛው ቤት እንደምትወጣ አስሉ።

የምሳሌያችን ባለቤት አንዲት ሴት ናት። የተወለደችው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው፤ አሴንዳንቷ በሸርጣን ምልክት 8ኛ ዲግሪ ላይ፣ ማርስ ደግሞ በገውዝ 20ኛ ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በማርስና በአሴንዳንት መካከል 18 ዲግሪ አለ። ምልክቱን በሙሉ እንደ አንድ ቤት በሚቆጥረው ስሌት ገውዝ 12ኛ ቤት ሆኖ የሚቆየው አሴንዳንት በሸርጣን ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። አሴንዳንት ወደ ኋላ 8 ዲግሪ ቢመለስ ገውዝ ራሱ ወጪ ምልክት ይሆንና ማርስ ወደ 1ኛ ቤት ትገባለች፤ ይህም በግምት 32 ደቂቃ ቀድሞ የመወለድን ያህል ነው። ወደ ፊት ሲቆጠር አሴንዳንት ወደ አሰድ ለመግባት 22 ዲግሪ ስለሚቀረው 88 ደቂቃ ያህል ክፍተት አለ። ስለዚህ በቤተሰብ የተነገራት ሰዓት በሩብ ሰዓት ቢሳሳት ንባቡ አይፈርስም፤ በአርባ ደቂቃ ዘግይቶ የተመዘገበ ከሆነ ግን በሌላ ሰው ሰንጠረዥ ላይ እየሠራን ነው ማለት ነው። «ንጋት ላይ ነው የተወለድሽው» ከሚል ትውስታ በቀር ማስረጃ የሌለው ሰው ይህን እርምጃ ማለፍ አይችልም። እንዲህ ላለው ሰው የ12ኛ ቤት ንባብ አለመሥራት ይሻላል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ቤቱን በሁለት ስሌት መፈተሽ

የኮከብ ቆጠራ ፕሮግራሞች ቤቶችን የሚከፍሉባቸው ስልቶች ብዙ ናቸው። እዚህ የሚያስፈልጉን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሙሉ ምልክትን እንደ ቤት የሚወስደው ጥንታዊው ስልትና ቤቶችን በጊዜ የሚከፋፍለው ፕላሲደስ። በሁለቱም ፕላኔቷ በ12ኛው ቤት ከወደቀች በልበ ሙሉነት መቀጠል ይቻላል። የእኛዋ ማርስ ከአሴንዳንት 18 ዲግሪ ርቃ በሌላ ምልክት ውስጥ ስላለች ሁለቱ ስልቶች ብዙውን ጊዜ ይስማሙባታል።

አስቸጋሪው ፕላኔቷ ለአሴንዳንት በጣም ስትቀርብ ነው። ማርስ በሸርጣን 4ኛ ዲግሪ ላይ ብትሆን ኖሮ ፕላሲደስ 12ኛ ቤት ውስጥ ሲያስቀምጣት ሌላው ስልት 1ኛ ቤት ይላት ነበር። ከአሴንዳንት በ5 ዲግሪ ገደማ ውስጥ ያለችን ፕላኔት እንደ 1ኛ ቤት የሚቆጥሩ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። እንዲህ ያለች ፕላኔት በሰውዬው ፊት ላይ፣ በአነጋገሩና በአረማመዱ ላይ ስለምትታይ እርሱም ራሱ ያውቃታል። የ12ኛ ቤት ንባብ ከተሰጠው «ይሄማ ምኑ ድብቅ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ እውነቱን ነው።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ፕላኔቷን እንደ ሥራ መግለጽ

አብዛኛው ንባብ የሚበላሸው በዚህ ቦታ ነው። ማርስን «ቁጣ» ብሎ ተርጉሞ 12ኛ ቤትን «የታፈነ» ብሎ መተርጎም፣ ከዚያም ሁለቱን ገጥሞ «የታፈነ ቁጣ አለሽ» ማለት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ለማንም ሰው ይስማማል። በሕይወቱ ቁጣውን ውጦ የማያውቅ ሰው የት ይገኛል?

ፕላኔቷን በስሜት ስም ከመጥራት ይልቅ በሥራዋ ግለጹ። የማርስ ሥራ መቁረጥ፣ እንቢ ማለት፣ ድንበር ማስከበርና የፈለጉትን በቀጥታ ተነሥቶ መውሰድ ነው። በ12ኛው ቤት ስትሆን ሥራው አይቀርም፤ የሚቀረው «ይህን የማደርገው እኔ ነኝ» የሚለው ዕውቀት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሦስት ጥያቄ መጻፍ ይቻላል። ይህች ሴት እንቢ ሳትል እንቢ የምትለው እንዴት ነው? ለራሷ ጥቅም መታገል ሲያቅታት ለሌላ ሰው ጥቅም ስትታገል ግን ትበረታለች? በዙሪያዋ ሁልጊዜ ተቆጪ የሚሆነው ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ የዩንግን አሳብ ይዟል፤ አንዱ ሰው ያልያዘውን ማርስ አጠገቡ ያለው ሰው ለሁለት ተሸክሞት ይገኛል።

ሌሎቹም በዚሁ መንገድ ይገለጻሉ። ጨረቃ መፈለግና መጽናናት ናት፤ በ12ኛው ቤት የሆነችለት ሰው ሌላውን ሲንከባከብ ውሎ እርሱ ምን እንደጎደለው ሲጠየቅ መልስ ያጣል። ሳተርን ኃላፊነትና ፍርድ ናት፤ ግሪኮች በዚህ ቤት ደስ ይላታል ይሉ ነበር። ባለቤቱ ከሳሹን ሳያውቅ ሁልጊዜ ጥፋተኛ የሆነ ይመስለዋል።

አራተኛ እርምጃ፦ የቤቱን ገዢና ፕላኔቷ የምትገዛቸውን ቤቶች መከተል

ጥያቄዎቹ ከጅምላ ወደ አንድ ሰው ሕይወት የሚወርዱት በዚህ እርምጃ ነው። ሁለት ክር አለ። አንደኛው የ12ኛው ቤት ምልክት ገዢ የምትባለው ፕላኔት የት እንዳለች ይጠይቃል፤ ነገሩ ከየት እንደመጣ ይጠቁማል። ሁለተኛው በቤቱ ውስጥ ያለችው ፕላኔት የትኞቹን ቤቶች እንደምትገዛ ይጠይቃል፤ ነገሩ የት ላይ ብቅ እንደሚል ይጠቁማል።

በምሳሌያችን 12ኛው ቤት ገውዝ ነው፤ ገዢዋም ሜርኩሪ። ሜርኩሪ በሰንቡላ 17ኛ ዲግሪ ላይ ናት። ከሸርጣን ሲቆጠር ሰንቡላ 3ኛ ቤት ይሆናል፤ የወንድምና የእኅት፣ የንግግርና የጽሑፍ ቤት ነው። በተጨማሪም ሜርኩሪ ለማርስ ከ90 ዲግሪ በ3 ዲግሪ ብቻ በሚያንስ ርቀት ላይ ስላለች ሁለቱ በ90 ዲግሪው ዕይታ ይተያያሉ። ይህ ዕይታ ትልቅ ነገር ነው፤ አሴንዳንት ማርስን ባያያት እንኳ ሜርኩሪ ታያታለች። ስለዚህ ይህች ሴት ማርሷን ልታገኝ የምትችለው ስሜቷን በማዳመጥ ሳይሆን በቃሏ በኩል ነው፤ በጻፈቻቸው መልእክቶች፣ በምትመርጣቸው ቃላት፣ በቀልዷ።

በሁለተኛው ክር ማርስ ሐመልንና አቅራብን ትገዛለች። ከሸርጣን ሲቆጠር ሐመል 10ኛ ቤት፣ አቅራብ ደግሞ 5ኛ ቤት ነው። 10ኛው የሥራና የአደባባይ ስም ቤት ስለሆነ ድብቁ ማርስ በቢሮ ብቅ ይላል ብለን እንገምታለን። አንድ ነገር ልጨምር፤ ልደቱ የሌሊት ስለሆነ በጥንቱ ሥርዓት ማርስ ከቀን ልደት ይልቅ ለዘብ ያለች ተደርጋ ትወሰዳለች። ስለዚህ ንባቡን በጥፋትና በአደጋ ቃል መሙላት አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ይዘን የምንጽፈው ግምት የሚከተለውን ይመስላል፦ «በልጅነቷ በቤት ውስጥ የቁጣው ድርሻ በወንድም ወይም በእኅት ተይዞ ነበር፤ እርሷ ዝምተኛዋ ሆና አደገች። ዛሬ ራሷን ገር አድርጋ ትቆጥራለች፤ የሥራ ባልደረቦቿ ግን ንግግሯ ስለታም እንደሆነ ያውቃሉ።»

አምስተኛ እርምጃ፦ ከመጠየቅ በፊት ንባቡን የሚያፈርሰውን መጻፍ

የ12ኛ ቤት ንባብ ከሌሎች ቤቶች ሁሉ የከፋ ወጥመድ አለው። ሰውዬው «አዎ፣ እንደዚያ ነኝ» ካለ ንባቡ ትክክል ይባላል፤ «አይ፣ እንደዚያ አይደለሁም» ካለ ደግሞ «አየህ፣ ከንቃተ ኅሊና በታች ነውና አታውቀውም» ይባላል። በዚህ አካሄድ አንባቢው ፈጽሞ አይሳሳትም፤ ፈጽሞ የማይሳሳት ንባብ ደግሞ ምንም አልተናገረም። የሥነ ልቦና መምህር የነበረው በርትራም ፎረር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የባሕርይ መግለጫ አድሎ አብዛኞቹ «እኔን በሚገባ ይገልጸኛል» ብለው እንደመሰከሩ መርሳት የለብንም።

ስለዚህ ባለቤቷን ከማነጋገራችሁ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ንባቡን የሚያፈርሱ ሁለት ወይም ሦስት ነገሮችን ጻፉ። ለምሳሌያችን እነዚህ ይበቃሉ፤ ወንድምም እኅትም ሳይኖራት ብቻዋን ያደገች ከሆነ የአራተኛው እርምጃ ግምት ወድቋል። ባልደረቦቿ በአንድ ድምፅ ለስላሳ ናት ካሉ ወድቋል። እርሷ ራሷ «እኔ ቁጡ ነኝ፣ በቀጥታ ነው የምናገረው» ካለች ነገሩ ድብቅ ስላልሆነ ወድቋል። «ወድቋል» ከተጻፈ በኋላ ሌላ ትርጓሜ ፈልጎ ማዳን አይፈቀድም።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ምስክሮችን መጠየቅ

ፕላኔቷ ለባለቤቱ የማትታይ፣ ለሌሎች ግን የምትታይ ከሆነች ማስረጃው ያለው በሌሎች ዘንድ ነው። ይህን እርምጃ የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የምሰጠው ለእርሱ ነው። ባለቤቷ ሦስት ሰዎችን ትምረጥ፤ አንዱ ከልጅነት የሚያውቃት፣ አንዱ አብሯት የሚሠራ፣ አንዱም በቅርብ አብሯት የሚኖር። ስለ ኮከብ ቆጠራ ምንም ሳትነግራቸው ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ታቅርብ፦ «በአንድ ነገር ሳልስማማ ምን አደርጋለሁ? ያየኸውን አንድ አጋጣሚ ንገረኝ።» «ቁጡ ነኝ ወይ?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ አፋቸው ውስጥ ማስገባት ነው። መልሱን በራሳቸው ቃል ትጻፍ፣ አትከራከር፣ ማብራሪያም አትስጥ።

በምሳሌያችን ታላቅ ወንድም አላት እንበል። ወንድሟ እንዲህ ይላል፦ «አንቺማ ስትቆጪ ቤቱን ለቅቀሽ ትወጫለሽ፤ ከአባታችን ጋር የምጣላው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ፣ ግማሹ ግን ያንቺ ነገር ነበር።» የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ ይህን ያስታውሳል፦ «ባለፈው አለቃችን የጊዜ ሰሌዳውን ሲቀይር ስብሰባው ላይ ምንም አላልሽም። ማታ ግን ለሁላችንም ሁለት ገጽ ላክሽ፤ እያንዳንዱን ስሕተቱን በቁጥር ዘርዝረሽ። ማንም ደፍሮ መልስ አልሰጠም።» አብሯት የምትኖረው ጓደኛዋ የተለየ ነገር አላየችም።

ሦስተኛዋ ምንም አለማየቷን መሰወር አያስፈልግም፤ በመዝገቡ ላይ ይግባ። የሁለቱ መልስ ግን ከግምቱ ጋር ይገጥማል፤ ቁጣው በወንድሟ ተይዞ ነበር፣ ማርስ የወጣው በጽሑፍ ነው፣ የታየውም በሥራ ቦታ ነው። እርሷ ያንን ደብዳቤ ስትጠየቅ «ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ብዬ ነው» ካለች፣ በራሷ ግምትና በሌሎች ዕይታ መካከል ያለው ልዩነት የምንፈልገው ነገር ይኸው ነው።

ሰባተኛ እርምጃ፦ በጊዜ መከታተል

ፀሐይ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ወር ያህል፣ በ12ኛው ቤት ታልፋለች። ለገውዝ ይህ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ገደማ ነው። በዚህ ወር ባለቤቷ በየማታው ሁለት መስመር ትጻፍ፤ ዛሬ ማን ተቆጣ፣ እኔስ በዚያ ሰዓት ምን አደረግሁ? ለማነጻጸር ፀሐይ በሌላ ቤት በምትሆንበት አንድ ወር ይህንኑ ትድገም፤ ያለ ሁለተኛው ወር የመጀመሪያው ምንም አያስረዳም። ሁለቱ መዝገቦች አንድ ዓይነት ከሆኑ የፀሐይ ማለፍ ምንም አላመጣም ማለት ነው፤ ይህንንም መጻፍ ነው። ማስታወሻው ግን የቁጣ አመላለሷን ስለሚያሳያት ከንቱ አይቀርም።

ረዥሙን ጊዜ ማየት የሚፈልግ ሰው ከልደት በኋላ ያለችውን እያንዳንዷን ቀን እንደ አንድ ዓመት የሚቆጥረውን ስሌት ሊጠቀም ይችላል። በዚህ ስሌት ፀሐይ በዓመት አንድ ዲግሪ ያህል ትጓዛለች፤ ከአሴንዳንት በ15 ዲግሪ ከፍ ብላ የነበረች የ12ኛ ቤት ፀሐይ በ15 ዓመት ዕድሜ አካባቢ አሴንዳንት ላይ ትደርሳለች። ለማርስ ግን ይህን ከመጠቀም በፊት ወደ ኋላ የምትመለስበት ጊዜ መኖር አለመኖሩን በሠንጠረዥ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ድንበሩ የት ነው?

ሁለት ነገር ፈጽሞ አይደረግም። አንደኛው «በልጅነትሽ የማታስታውሺው ክፉ ነገር ደርሶብሻል» ማለት ነው። ሰንጠረዡ ይህን አይናገርም፤ የሰው ትውስታ ደግሞ በጥቆማ ሊቀረጽ፣ ያልሆነውም እንደሆነ ሊታሰብ እንደሚችል የትውስታ ጥናቶች አሳይተዋል። በጥያቄዎቹ መካከል ባለቤቷ ብትታወክ ወይም የደረሰባትን ጉዳት ብታነሣ ንባቡ እዚያው ይቁም፤ የሚያስፈልጋት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው። ሁለተኛው የጥንቱን «የስውር ጠላቶች ቤት» የሚለውን ትርጉም ይዞ ከሰዎች መካከል ጠላት መፈለግ ነው። በዚህ የተጣሉ ጓደኛሞች አውቃለሁ፤ ነገሩን መልሶ መጠገን አልተቻለም።

ስለ ማስረጃውም ግልጽ መሆን ይገባል። ሾን ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1985 በኔቸር መጽሔት ያሳተመው ፈተና ኮከብ ቆጣሪዎች የልደት ሰንጠረዥን ከባሕርይ መጠይቅ ጋር ሲያዛምዱ ከዕድል የተሻለ ውጤት እንዳላገኙ ዘግቧል። በሌላ በኩል ፈረንሳዊው ሚሼል ጎክላን እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ባሳተማቸው ሥራዎች ማርስ በታወቁ ስፖርተኞች ልደት ከአድማስ በላይ ገና በወጣችበት አካባቢ ከተጠበቀው በላይ ትገኛለች ብሎ ነበር። ይህ አካባቢ 12ኛው ቤት ያለበት ነው፤ ስፖርተኛም ማርሱን በሺሕ ሰው ፊት የሚያሳይ ሰው ነው። ውጤቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፣ ሊደግሙት የሞከሩትም አልተስማሙም። ስለዚህ ለዚህ አካሄድ ማረጋገጫ አድርጌ አላቀርበውም። ከላይ በተገለጸው ምሳሌ የሴትዮዋን ነገር ያወጡት የወንድሟ ትዝታና ባለሁለት ገጹ ደብዳቤ ናቸው፤ ማርስ ያደረገችው የት እንደሚጠየቅ ማመልከት ብቻ ነው።